የላይኛው ቀስት

እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተከድኖ የማያውቅ ላፕቶፕ አለ። ጎኑ ላይ ከመድኃኒት ካርቶን የተቆረጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ «እንዳይዘጋ! እንዳይነካ!» ይላል። ጽሑፉ የጋሼ ነው። ጋሼ የምለው የእህቴን ባል ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሞ የኖረ ሰው። ከሞተ አምስት ወር ሆነው።

እኔ ደግሞ የቤተሰቡ የኮምፒውተር ሰው ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ተብዬ ተቀጥሬ፣ ቀኑን ሙሉ «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ወደሚል ሰው ቢሮ እየሄድኩ የተነቀለ ገመድ እሰካለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባይኔ ባላይ እወዳለሁ። በዚህ ምክንያት ዘመድ ሲደውል «ደክሞኛል» ማለት ለምዶብኛል። ውሸት አይደለም፤ ሁልጊዜም ይደክመኛል።

ሐሙስ ዕለት እህቴ ደወለች። በአርባ አራት ዓመቴ ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለኝ።

«ማሙሽ፣ ሰኞ ሆስፒታል ልገባ ነው። የሐሞት ጠጠሩ ነገር። ሁለት ጊዜ አራዝሜ ሐኪሙ ተቆጥቷል፤ ‹ሦስተኛ ጊዜ ብትቀሪ ሌላ ሐኪም ፈልጊ› ብሎኛል። ሦስት ቀን ነው የምተኛው። ሦስቱን ቀን እኔ ቤት መጥተህ ትጫንልኛለህ?»

«ምኑን ነው የምጫነው?»

«ቀስቱን ነዋ!»

ሳቄ መጣ። ከዚያ እህቴ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምናዋን ያራዘመችው ለዚህ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት «ታዲያ ለማን ትቼው ልሂድ?» አለችኝ፤ ሳቄም ጠፋ።

ጋሼ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የስኳር ወይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት ይውልና፣ ጋሼ ዘንድ ሲደርስ እሱም «የለም» ይለዋል። ይህን «የለም» ማለት አንገሸገሸው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር ሠራ፤ የከተማው ዘጠኝ መድኃኒት ቤቶች በጠዋት ገብተው ከአርባዎቹ አስቸጋሪ መድኃኒቶች የትኛው እንዳላቸው ይጽፋሉ፣ ሰዉ ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ያያል። ኖድ በሚባል የፕሮግራም መሣሪያ የተጻፈ፣ አንድ ፋይል ላይ መረጃውን የሚያስቀምጥ፣ ከዚያ ያላለፈ ነገር ነው። ርካሽ ቨርቹዋል ሰርቨር ተከራይቶ፣ ስም ገዝቶለት እዚያ አስቀመጠው። ሰርቨሩ ያለው ሩቅ ቦታ፣ ሌሊትም ቀንም በማይጠፋ ማሽን ላይ ነው። ሥራውን ያስጀመረበት መንገድ ግን በቀጥታ ከሳሎኑ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እግሬን እየጎተትኩ ስደርስ እህቴ ከስታ አገኘኋት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሻንጣዋ በር ሥር ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«እትዬ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ እንጂ። እዚሁ ሶፋው ላይ፤ መብራቱን እያየሁ።»

መብራት የምትለው የራውተሯን ነው። አረንጓዴዋ መብራት ከጠፋች ኢንተርኔቱ ተቋርጧል ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ የላፕቶፑና የሰርቨሩ ግንኙነት ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ ደግሞ ከዚያው ግንኙነት ላይ የተንጠለጠለው የጋሼ ፕሮግራም አብሮ ይወድቃል። ጋሼ በሕይወት ሳለ ራሱ ያነሳው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እሷ ታነሳዋለች።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ገና ውኃ ሳልጠጣ አረንጓዴዋ ጠፍታ ተመልሳ በራች። እህቴ ከወጥ ቤት በእርጥብ እጇ ሮጣ መጣች። ላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አየች፤ ተቋርጧል። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ያለፈውን ትእዛዝ መልሶ የሚያመጣውን ቁልፍ፣ የላይኛውን ቀስት፣ አንዴ ተጫነች፤ ጋሼ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት ትእዛዝ ብቅ አለ። አስገባች። ጥቂት ጠበቀች። እንደገና ቀስቱን ተጫነች፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ትእዛዝ መጣ። አስገባች። «ዝግጁ» የሚል ጋሼ የጻፈው አንድ ቃል ታየ።

«አየህ? ይህችው ናት» አለችኝ። «አንዳንዴ ‹ቦታው ተይዟል› የሚል እንግሊዝኛ ይደረድርና አይነሳም። ያኔ ጥቂት ታገስና ድገመው። ሌላ ምንም አትንካ።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ቀኑ ጥሩ ከሆነ ሦስት አራቴ። ካልሆነ አትጠይቀኝ። መድኃኒት ቤቶቹም ይደውላሉ፤ ‹እትዬ ዝርዝሩ ጠፋብን› ይሉኛል። ከማዕዘኑ ሱቅ አልፌ ከሄድኩ ስንት ጊዜዬ።»

አምስት ወር ሙሉ እህቴ የላፕቶፕ ዘበኛ ሆና ስትኖር እኔ አርባው ላይ ተገኝቼ፣ «አይዞሽ» ብዬ ሄጃለሁ። ይህን የሚያስቀር ሥራ ደግሞ ለእኔ ዓይነት ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው። አፈርኩ፤ ሲያፍሩ መበሳጨት የወንድ ልማድ ነውና ተበሳጨሁም።

«እኔ ቁጭ ብዬ ቀስት አልጫንም» አልኳት። «እንዳይጫን አድርጌው ነው የምሄደው። ይህ ላፕቶፕ ዛሬ ይዘጋል።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይዘጋል ስትል?»

«ፕሮግራሙ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ እዚህ አይደለም። ይህ ማስጀመሪያ ቁልፍ ብቻ ነው።»

አላመነችኝም። ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል።

መጀመሪያ የመረጃውን ፋይል ወደ ላፕቶፑ ቀዳሁ፤ ቢበላሽ የምመለስበት እንዲኖር። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ አጭር የአገልግሎት ፋይል ጻፍኩ። ፋይሉ ለማሽኑ የሚነግረው ይህን ነው፤ የጋሼን ፕሮግራም አንተው አስነሳ፣ ከዚህ ማኅደር ሆነህ አስነሳው፣ ቢወድቅ መልሰህ አንሳው፣ ራስህ ጠፍተህ ስትነሳም አስነሳው። ማንም በጥቁር መስኮት ገብቶ እንዲጠብቀው አያስፈልግም። የእህቴን ግንኙነት አቋርጬ አገልግሎቱን ሳስነሳ፣ ዝርዝሩ ስልኳ ላይ እንደነበረ መጣ። አንዴ ስልኳን፣ አንዴ እኔን አየች።

ቀጥሎ ፊት ለፊት የሚቆም እንግዳ ተቀባይ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ጋሼ ሰዉን የሚያስገባው በሰርቨሩ ሦስት ሺህ ቁጥር በር ነበር፤ ሰዎች ከስሙ ኋላ ያንን ቁጥር መጻፍ ነበረባቸው። ኢንጂን ኤክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። እሱ ዓለም በሚያውቃቸው በሮች፣ በሰማኒያና በአራት መቶ አርባ ሦስት ላይ ይቆማል፤ የመጣውን ጥያቄ ይቀበልና ከውስጥ ለጋሼ ፕሮግራም ያሳልፋል፣ መልሱንም ይዞ ይወጣል። ከጋሼ ኮድ አንድ መስመር ለወጥኩ፤ ፕሮግራሙ ከዚያው ማሽን ውስጥ ካልሆነ ለማንም እንዳይመልስ።

የቀረው ገጹ የታመነ መሆኑን ለከፈተው ስልክ የሚመሰክረው ሰርተፊኬት ነው። ይህን በነፃ የሚሰጥ ድርጅት አለ። ስሙ የእውነት የአንተ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ፋይል ሰርቨርህ ላይ አስቀምጥ ይልሃል፤ ከዚያ በስሙ በኩል በሰማኒያ ቁጥር በር መጥቶ ፋይሉን ይፈልጋል። ካገኘው ይሰጥሃል። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ትእዛዙን ሰጠሁ። ወደቀ። ወዲያው ገባኝ፤ ጋሼ የሰርቨሩ በር ጠባቂ በሆነው ፋየርዎል ላይ የከፈተው የራሱን ሦስት ሺህና የሚገባበትን በር ብቻ ነው። ሰማኒያንና ሌላውን ከፈትኩ፣ ሦስት ሺህን ዘጋሁ። ላይኛውን ቀስት ተጫንኩ፤ አስገባሁ። ወደቀ። ቀይ ጽሑፍ ተደረደረ። ኢንጂን ኤክስን አስነስቼ ቀስቱን ተጫንኩ፤ ወደቀ። የሆነ ነገር ነካክቼ ቀስቱን ተጫንኩ፤ ወደቀ። ምን እንደነካካሁ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አምስተኛው ላይም ወደቀ፣ ስድስተኛው ላይ ጭራሽ «ደጋግመህ ወድቀሃል፣ ቆይተህ ተመለስ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

«እኔም እንደዚሁ ነው የማደርገው» አለች እህቴ በቀስታ። «አንተም አታነበውም እንዴ?»

ምን በወጣኝ አነባለሁ! ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሥራ ነው ልል ነበር። ግን እውነቷን ነው። ወደ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያዎቹን ቀይ መስመሮች አነበብኩ። «ፋይሉን ከዚህ አድራሻ ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ» ይላል፤ አድራሻውም ተጽፏል። ረጅም፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አድራሻ ነው። የጋሼ ሰርቨር አድራሻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስም ሁለት ዓይነት አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ አጭሩ የድሮውና ረጅሙ አዲሱ። ጋሼ ስሙን ሲገዛ ሻጮቹ ሁለቱንም ወደራሳቸው ማስታወቂያ ገጽ አዙረው ነው የሰጡት። ጋሼ አጭሩን ወደ ሰርቨሩ መለሰው፣ ረጅሙን አላወቀውም። ሰርተፊኬት ሰጪው ደግሞ ረጅሙን ካገኘ እሱን ያስቀድማል። አምስት ጊዜ የሌላ ሰው ቤት ሄዶ የእኛን ፋይል ሲጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ባነበው ኖሮ በሁለተኛው ሙከራ ያለቀ ነገር ነው።

«የስሙን መዝገብ መክፈት አለብኝ» አልኳት። «ጋሼ የይለፍ ቃሉን የት ነበር የሚጽፈው?»

ከመሳቢያው ወፍራም ደብተር አወጣች። መድኃኒት ቤት የማዘዣ መዝገብ የሚያዝበት ዓይነት፣ በመስመር የተከፋፈለ። ጋሼ ሁሉን ነገር የሚመዘግበው እንደ ማዘዣ ነበር፤ ቀን፣ ጉዳይ፣ መጠን፣ አስተያየት። የይለፍ ቃሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። ገብቼ ረጅሙን አድራሻ ሰረዝኩ። ሰርተፊኬት ሰጪው ቁጣው እስኪበርድለትና የተሰረዘው መዝገብ ከየቦታው እስኪረሳ አንድ ሰዓት ልጠብቅ ወሰንኩ። ዳግመኛ ቀስት እየተጫንኩ መዋል አላማረኝም።

እህቴ ስልኳን አንስታ ለዘጠኙ መድኃኒት ቤቶች ትደውል ጀመር። «ከእንግዲህ ሦስት ሺህዋን ተዋት። አዎ፣ ቁጥሯን። ስሙን ብቻ ጻፍ። ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ ነው የሚለው።» ድምጿ ውስጥ ትንሽ ኩራት ሰማሁ።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ የጋሼን ማኅደሮች አየሁ። «ካሜራ» የሚል አለ። ውስጡ «ካሜራ 1»፣ «ካሜራ 2» እያለ እስከ «ካሜራ 17» ይሄዳል። አሥራ ሰባቱም አንድን ነገር ለመሥራት የተጻፉ ናቸው፤ ባለመድኃኒቱ የመድኃኒቱን ስም እየጻፈ ከሚሳሳት፣ የካርቶኑን ባርኮድ በስልኩ ካሜራ አሳይቶ እንዲመዘግብ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከስምንት ወር በፊት ጋሼ ደውሎልኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ ገመድ እየጎተትኩ ነበር። «ማሙሽ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ካሜራው እዚህ ላፕቶፑ ላይ ስሞክረው ይከፈታል። ሰርቨሩ ላይ ሳስቀምጠው ግን በማንም ስልክ አይከፈትም። ምን ይሆን?» አለኝ። እኔም «ኮዱን ደጋግመህ እየው ጋሼ፣ የሆነ ቦታ ስህተት ይኖርሃል። አሁን ደክሞኛል፣ እደውልልሃለሁ» አልኩት። አልደወልኩለትም።

ስህተት አልነበረበትም። ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር ካሜራን የሚሰጠው ከዚያው ማሽን ለተከፈተ ገጽ ወይም ሰርተፊኬት ላለው ገጽ ብቻ ነው። ጋሼ ላፕቶፑ ላይ ሲሞክረው ከዚያው ማሽን ነውና ይከፈታል። በስልክ ሲመጣ ሰርተፊኬት የለውምና ካሜራው ጨርሶ የለም ይባላል። ኮዱን ሺህ ጊዜ ቢያየው ምንም አያገኝበትም። ይህን ለመንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ጠረጴዛ ሥር እንደተጋደምኩ ልነግረው እችል ነበር።

ደብተሩን ገለጥኩ፤ ባልገልጠው በወደድኩ። በጋሼ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ካሜራ 1። ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ስልክ ላይ አይሠራም። ጥፋቱ አልተገኘም።» «ካሜራ 2። እንደ ላይኛው።» «ካሜራ 3። እንደ ላይኛው። ማሙሽን ጠየቅሁ። ኮዱን እይ አለኝ። ሳይሆን አይቀርም።» ከዚያ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ በየመስመሩ ቀን አለው፤ «እንደ ላይኛው» ይላል። «ካሜራ 11። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፍኩት። እንደ ላይኛው።» የመጨረሻው፣ አሥራ ሰባተኛው፣ ባንኮኒው ኋላ እንደቆመ ልቡ ቀጥ ከማለቱ ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ ነው፤ «ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለኝም መሰል።»

ደብተሩን ዘጋሁት። እንባዬ መጣ፤ እህቴ እንዳታየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መንገዱ ላይ ሰዎች ቅዳሜያቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ያን ሰዓት የደከመኝን ያህል በሕይወቴ ደክሞኝ አያውቅም።

ሰዓቱ ሲሞላ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ብቻ ሰጠሁ። «ተሳክቷል» አለ። ስሙን በእህቴ ስልክ ስከፍተው ቀድሞ ከላይ ይታይ የነበረው «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል።

«መቼ ነው የሚያልፍበት?» አለች። የመድኃኒት ቤት ሰው ሚስት ናትና መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው።

«በዘጠና ቀን።»

«ኧረ! ታዲያ ያኔ ማን ይጫነዋል?»

«ራሱ ያድሳል። ሳያልፍበት በፊት ማሽኑ ራሱ ሄዶ አዲስ ያመጣል።» የእድሳቱን ሙከራ አስኬድኩላት፤ አለፈ። እሷ ግን በእንዲህ ያለ ነገር የምትታለል አይደለችም።

«አጥፋው እስቲ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሰርቨሩን። ራሱ ይነሳል አላልክም? አጥፋውና ራሱ ሲነሳ ልየው። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ቢጠፋስ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ ልሳሳት እችላለሁ፣ ማሽኑ የሚያደርገው ግን አይዋሽም። ሰርቨሩን ጠፍቶ እንዲነሳ አዘዝኩት። ጥቁሩ መስኮት ተቋረጠ። እጇ ወዲያው ወደ ቀስቱ ሄደች፤ ያዝኳት። ስልኳ ላይ ገጹ አልመጣ አለ፣ ቀጥሎ እንግዳ ተቀባዩ ብቻውን ተነስቶ «ከውስጥ የሚመልስ የለም» አለ፣ ደግመን ስንነካው ዝርዝሩ መጣ። አርባውም መድኃኒት። ማንም ምንም አልተጫነም።

እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ «ካሜራ 1»ን፣ የመጀመሪያውን፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥኩ። «ቤት ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን አለሽ?» አልኳት። ከመኝታ ቤት የጋሼን የደም ግፊት ክኒን ካርቶን ይዛ መጣች፤ አልጣለችውም። ስልኳ «ካሜራውን ልጠቀም?» ብሎ ጠየቀ። ፈቀደች። ካሜራው ተከፈተ፤ ካርቶኑ ስልኩ ላይ ታየ፣ ስልኩ ንዝር አለና የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ ተጻፈ።

«የትኛው ነው ይሄ?» አለች ቀስ ብላ።

«የመጀመሪያው።»

«የመጀመሪያው? አሥራ ሰባት ነው የጻፈው እኮ።»

«የመጀመሪያው ትክክል ነበር እትዬ። የጎደለው ዛሬ ያወጣሁት ሰርተፊኬት ብቻ ነው። እሱ አላጠፋም። ደውሎልኝ ነበር፤ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ችላ ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ስልኩን እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በድምፅ ማጉያ ነበር ያነጋገረህ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ‹ደክሞኛል› ስትል ሰምቼሃለሁ። ተናድጄ ‹መልሼ ልደውልለትና ልንገረው› ስለው ‹ተይው፣ ልጁ እውነትም ደክሞታል፤ ጥፋቱ የእኔው ነው› አለኝ። ስንቀብረው አንተ አጠገቤ ቆመህ ስታለቅስ ውስጤ እንደነደደ ነበር። ልነግርህ አስቤ ነበር። ከዚያ እኔም ደከመኝ።»

ይቅርታ አልኳት። አንዴ አልኩ፣ ደግሜ አልኩ። እሷ ካርቶኑን በእጇ ታገላብጥ ነበር።

«ለእሱ ነበር መንገር» አለች በመጨረሻ። ይህን ያለችው ለመውጋት አልነበረም፤ ግን ወጋኝ፣ ሊወጋኝም ይገባ ነበር። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። «ጻፍለት።»

ብዕር አነሳሁ። ከአሥራ ሰባተኛው መስመር በታች ቀኑን ጻፍኩ፤ «ካሜራ 1። ስልክ ላይ ይሠራል። ጥፋቱ ተገኝቷል፤ የማሙሽ ነው።» ወደሷ አዞርኩት። አነበበችውና አንገቷን ነቀነቀች።

ከዚያ ተነስታ ላፕቶፑ ፊት ቆመች። «አሁን ብዘጋው አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

«ማልልኝ።»

«እሱን ይንሳኝ ልል ነበር፤ ነስቶኛል። በአንቺ ይሁን።»

ላፕቶፑ ጎን ላይ የተለጠፈውን የጋሼን ጽሑፍ በጥንቃቄ ላጠችውና ደብተሩ ውስጥ አስገባችው። ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ቀስ ብላም ዘጋችው። ቀጥላ ስልኳን አየች። ዝርዝሩ አለ። እንደገና ነካችው፤ አለ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ጋደም አለች፣ «ለአምስት ደቂቃ ነው» አለችኝና ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል አደረግኩላት።

ሄጄ የራሴ አልጋ ላይ ልወድቅ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። በእህቴ ስልክ ለዘጠኙ መድኃኒት ቤቶች «ከእንግዲህ ካርቶኑን በስልካችሁ ካሜራ መመዝገብ ትችላላችሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ያቺ አረንጓዴ መብራት ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ የቤቱ መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ የራውተሩ አረንጓዴም ጠፋች። ሳላስበው ብድግ ብዬ ወደ ላፕቶፑ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩና ስልኬን አውጥቼ፣ በስልኬ በራሱ ኢንተርኔት፣ የጋሼን ገጽ ከፈትኩ። አርባውም አለ። ከላይ አዲስ መስመር ገብቷል፤ ኢንሱሊን፣ ከወንዝ ማዶው መድኃኒት ቤት፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት፣ በካሜራ።

የመንገዱ ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። መብራቱ ተመልሶ መጣ፣ ማቀዝቀዣው አጓራ፣ አረንጓዴዋ ብልጭ ብልጭ ብላ በራች። እህቴ አልነቃችም።